አራት ጠጠር የያዘችው ነጭ ወረቀት

ባለፈው ረቡዕ ከትምህርት ቤት ተመልሼ እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸች። የድንበር ከተማችን ሸሕዲ ሚያዝያ ላይ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ሰውም ውሻም ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። መልእክቱ ከአንዲት ተማሪዬ ነበር። «ቲቸር፣ የዎርክሺቱ ሰባተኛዋ ጥያቄ አልገባችኝም» ይላል፤ ከሥሩ ፎቶ አለ። ከፈትኩት። ነጭ ነው። በሁለት ጣቴ ጎትቼ አሰፋሁት፤ ያው ነጭ ነው።

ሰባተኛዋን ጥያቄ በቃሌ አውቃታለሁ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ዎርክሺቱን ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። ፎቶው ባይታይም መልሱን ጽፌ መላክ እችል ነበር። እንዲያውም ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ቃል ጽፌያለሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። እግሬ ውኃው ውስጥ እስኪሸበሸብ ድረስ ስልኳን ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ለፈተና እቤታችን እንድናጠና ለቅቆናል፤ እናቴ ደግሞ ደጋ የምትኖረውን እናቷን ልታስታምም ወጥታ ነበር። ስለዚህ ጥናቱን ይዤ ወደ አባቴ እርሻ ሄድኩ። እርሻው ከሸሕዲ በትራክተር ሁለት ሰዓት ይርቃል። ግንቦት የሰሊጥ መሬት የሚታረስበት ጊዜ ነው፤ ለአባቴ፣ ለትራክተር ሾፌሩና ከጎጃም ለመጡት አራት ሠራተኞች ምግብ የማበስል እኔ ነበርኩ። ጠዋት ፉል፣ ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከሰዓት በኋላ በጀሪካን የተዘፈዘፈ የከርከዴ አበባ መጠጥ። በመካከል አጠናለሁ። ጥያቄዎቹን ከጓደኛዬ የድሮ ፈተናዎች መጽሐፍ ላይ በእርሳስ ገልብጬ ነበር። መጽሐፉን መመለስ ስለነበረብኝ ሦስት ቀን ሙሉ ስገለብጥ ከርሜ፣ ጣቴ ላይ የእርሳሱ ቦታ አብጦ ነበር።

የማላውቀውን የምጠይቀው ወንድሜን ነው። አስማማው ይባላል፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ ምህንድስና ያጠናል። ከቤታችን በትምህርት ያን ያህል የራቀ እሱ ብቻ ስለሆነ አባቴ ስሙን መጥራት ትተው «ኢንጂነሩ» ነበር የሚሉት። ጎረቤት ውኃ ሞተር ቢበላሽበት ለአስማማው ይደወላል። ጥርስ የሚያመው ሰው እንኳ «እስቲ ኢንጂነሩን ጠይቁልኝ» ይል ነበር። አስማማውም ለሁሉም መልስ ነበረው። አላውቅም ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ እንዲል የጠበቀም ሰው አልነበረም።

እርሻው ላይ ኔትዎርክ የለም። ወደ ሸሕዲ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለው ጉብታ ጋ ሲደረስ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሁላችንም ስልካችንን የምንልከው በሰው ነበር። ጥላሁን የሚባለው የትራክተር ሾፌር በየሁለት ቀኑ ናፍጣ ሊቀዳ ሲሄድ ስልኮቻችንን በአንድ ፌስታል ይዞ ይሄዳል። እኔ ጥያቄውን ፎቶ አነሳና ቴሌግራም ላይ ለወንድሜ ላክ የሚለውን እጫናለሁ። ኔትዎርክ ስለሌለ ከፎቶው ጎን ትንሽ የሰዓት ምልክት ትወጣለች፤ እየጠበቅኩ ነው ማለቷ ነው። ጥላሁን ጉብታው ላይ ቆሞ ስልኬን ይከፍትና ሰዓቷ ጠፍታ ጭረቷ እስክትመጣ ይጠብቃል። ከዚያ ሸሕዲ ገብቶ ስልኮቹን ቻርጅ ያደርጋል፣ ያድራል፣ በማግስቱ መልሱን ይዞልኝ ይመጣል። ሲያስረክበኝ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበረችው፤ ከድንበሩ ማዶ የመጣች የዓረብኛ ቃል።

«ተማም!» ይለኛል። ሁሉም ደህና ነው ማለቱ ነው።

እንዲህ በአንድ ጉዞ አራት አምስት እያደረግሁ ሠላሳ አንድ ጥያቄ ልኬ ሠላሳ አንድ መልስ ተቀብያለሁ። መልስ በመጣ ቁጥር አባቴ እጃቸውን ጀለቢያቸው ላይ ጠርገው ይመጣሉ።

«ምን አለ ኢንጂነሩ? እስቲ አንብቢልኝ» ይላሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ፊዚክስም አይገባቸውም። ግን እስከ መጨረሻው ቆመው ይሰማሉ።

ሠላሳ ሁለተኛዋ ጥያቄ የድንጋይዋ ናት። ከሃያ አምስት ሜትር ፎቅ ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ በሰከንድ ሃያ ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ይወረወራል፤ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ምርጫዎቹ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ነበሩ። ቀኑን ሙሉ አስልቼ እምቢ ስላለችኝ ለአባቴ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። «ይኼን ድንጋይ ማን ነው የሚወረውረው?» ብለው ስቀውብኛል።

ከዚያ በፊት የላክኋቸውን ሁሉ ፎቶ ያነሳኋቸው እርሻው ላይ በምናድርባት ጎጆ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ነበር። በዋዜማው ግን የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ጣሪያው አፍስሶ አልጋውም ጠረጴዛውም በእርጥብ ልብስ ተሞልቷል። ጥላሁን ደግሞ ቸኩሏል። ያ ጥቁር አፈር ሁለተኛ ዝናብ ከጠጣ ትራክተርም አያወጣም፤ ደመናው ሳይመለስ ጉብታውን ማለፍ ነበረበት። ሞተሩን አስነስቶ «ቶሎ በይ እንጂ እቴ!» ይላል። ወረቀቷን ይዤ ወጣሁና መሬት ላይ ዘረጋኋት። ንፋስ እንዳይወስዳት አራት ጠጠር ማዕዘኖቿ ላይ አስቀመጥኩ። ቀጥ ያለ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ እዚያ ፀሐይ ላይ የማየው የራሴን ሻሽ ብቻ ነበር። ተጫንኩ፣ ጠቅ አለ። «ወንድምዓለም፣ ይቺ የሞሽን ናት» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ሰዓቷ ወጣች። ስልኩን ፌስታሉ ውስጥ ጣልኩ።

ዛሬ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ምን እንደተፈጠረ አውቃለሁ። የስልክ ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይመዝንና ብርሃኑን በልኩ ያደርጋል። እኔ ቆሜ ከላይ ስላነሳሁት የሚበዛው አፈሩ ነበር፤ ያውም ዝናብ የጠጣ ጥቁር አፈር። ካሜራው ጨለማ ቦታ ያለ መሰለውና ብርሃን ጨመረ። አፈሩ ግራጫ ሆነ፤ ፀሐይ የመታት ነጭ ወረቀት ግን ከልክ አልፋ ተቃጠለች። የእርሳስ ጽሑፍ ራሱ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ በዚያ ላይ እኔ ፈዘዝ አድርጌ ነው የምጽፈው። አንድም ፊደል አልተረፈም። ጎጆው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስክሪኑ ላይ አየው ነበር።

በማግስቱ ጥላሁን መጣ። «ተማም!» አለኝ። መልሱ እንዲህ ይል ነበር። «አየኋት፣ ቀላል ናት። መኪናው ከቆመበት ይነሳል፤ አክስለሬሽኑ ሁለት ነው፤ ስድስት ሰከንድ ይሄዳል። ስድስት ሲባዛ ስድስት ሠላሳ ስድስት፤ በሁለት አባዢው፣ ግማሹን ውሰጂ። ሠላሳ ስድስት ሜትር። መልሱ ቢ ነው። በርቺ እታለም።»

አባቴ መጡ። አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«መኪና ነው እንዴ? ድንጋይ ነው አላልሽም?»

«ያው ነው አባባ። ፊዚክስ ላይ ድንጋይም መኪናም አንድ ነው።»

«እንዲያ ነው?» አሉና ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ፊደል ያልቆጠሩት እሳቸው ያዩትን እኔ አላየሁም። ወይም አይቼው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ወስኛለሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ መኪናውን ከድንጋዩ ጋር ለማስታረቅ ለፋሁ። የወንድሜ ስሌት እንከን አልነበረውም፤ ዛሬም ባርመው ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ታዲያ እኔ ነኝ ያልገባኝ። ሽሮው እያረረ አስባለሁ። የኔ ምርጫዎች ሰከንድ ናቸው፣ ሜትሩ ከየት መጣ? ሳይገባኝ ሲቀር ሁሉን ትቼ ቢ የምትለዋን ያዝኩ። የኔ ቢ አራት ሰከንድ ናት። አራት የምትመጣበትን መንገድ ስፈልግ አገኘሁት፤ ወደ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰከንድ፣ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ፣ አራት! ደስ አለኝ። ደብተሬ ላይ ከበብኳት። የፎቁን ሃያ አምስት ሜትር እንደረሳሁት ልብ አላልኩም። መልሱ አስቀድሞ ስለተሰጠኝ እስከዚያው ድረስ ብቻ አሰላሁ። ድንጋዩን አየር ላይ ሰቅዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱን የማያበላሽ ቀላል ካፊያ መጣና ሁላችንም ጎጆ ገባን። ሠራተኞቹ ጥግ ላይ ካርታ ይጫወታሉ፣ አባቴ ማረሻ ብረት ይሞርዳሉ። ለአንዱ ሠራተኛ ወንድሜ እንዴት እንደሚያስረዳ ላሳየው ብዬ ቴሌግራሙን ከፈትኩ። ጎጆው ጨለም ስላለ ስክሪኑ ቦግ አለ። ያኔ የላክሁትን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ዳር ዳሩን ግራጫ አፈር። አራት ጠጠር። መካከሉ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት።

ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ከዚያ በፊት የላክኋቸውን ወደ ላይ እየገፋሁ አየሁ። ሁሉም ላይ ጽሑፌ ይነበባል። ወደ ነጯ ተመለስኩ። አሰፋኋት። ጠጠሮቹ ላይ ያለው አሸዋ ሳይቀር ይታያል። ከሥሯ ደግሞ «አየኋት፣ ቀላል ናት» ይላል።

የተቆጣሁ ይመስላችሁ ይሆናል። አልተቆጣሁም። ማልቀስም አልመጣብኝም። ልክ ረዥም ሰዓት የተኙበት እጅ እንደሚሆነው ነበርኩ፤ የኔ ነው፣ ግን አይሰማኝም። ለሠራተኛው «ባትሪ ጨርሷል» አልኩትና ተነስቼ ድስቱን አማሰልኩ። ማማሰል የሚፈልግ ድስት አልነበረም።

በማግስቱ ጥላሁን ከመሄዱ በፊት ለወንድሜ አንድ መስመር ጻፍኩ። «የላክሁልህ ፎቶ ነጭ ነው። ምን አይተህ ነው የመለስከው?» ሰዓቷ ወጣች። ስልኩ ሲመለስ ሁለት ጭረት ሆናለች፤ አንብቦታል። መልስ ግን የለም። ጥላሁን «ተማም» አለኝ፣ አባቴም እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

«ምን አለ ኢንጂነሩ?»

ስልኩን ፊቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው የራሴ ጥያቄ ብቻ ነው። ምንም አላለም ማለት ነበረብኝ። ጥላሁን አለ፣ ሠራተኞቹ አሉ፣ የአባቴ ፊት ደግሞ እንደ ልማዱ ሊሰማ ተዘጋጅቷል። ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ ማንበብ ጀመርኩ።

«ደህና ነኝ ብሏል። ለአባባ ንገሪልኝ ብሏል። የግንቦት ፀሐይ ከባድ ነው፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ አይቁሙ፣ ኩርኩራው ዛፍ ሥር ይረፉ ብሏል።»

 አባቴ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «እዚያ ሆኖ የእኔን ፀሐይ ያስባል።»

ያን ቀን ምሳ ከበሉ በኋላ ጠፍር አልጋቸውን አስወጥተው ኩርኩራው ሥር ጋደም አሉ። በዕድሜዬ ቀን ተኝተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ከጎጆው በር ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ወንድሜን የጠየቅሁትን ጥያቄ ራሴን ልጠይቅ አሰብኩ፤ ምን አይተሽ ነው ያነበብሽው? ግን ድካም ያዘኝ፤ ከርከዴውን ላጠልል ገባሁ።

የወንድሜ መልስ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ብቻዬን ሆኜ አነበብኩት። «እታለም፣ ነጭ ነበረች። አይታይም ብዬ ጽፌ መልሼ አጠፋሁት። ስልክሽ እስኪመላለስ ሁለት ቀን ነው። አባባ አጠገብሽ ቆመው እንደሚሰሙ አውቃለሁ። አልታየኝም ብሏል ብትያቸው አልቻለም ያልሽ ነው የሚመስላቸው። ሞሽን ስላልሽኝ በእኛ ጊዜ ፈተና ላይ የነበረችው የመኪናዋ ትሆናለች ብዬ ነው። ከዚህ በፊትም የከበዱኝን ሁለቱን በግምት ነው የመለስኩት። የትኞቹ እንደሆኑ ግን አሁን አላስታውስም። ይቅር በይኝ።»

የመጨረሻዎቹን መስመሮች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ካላለፍኩ ይኸው ጎጆ፣ ይኸው ድስት ነው፤ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ሠላሳ አንድ መልስ በቃሌ ይዣለሁ፤ ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። በሁለቱ ምክንያት ሠላሳ አንዱም የኔ አልሆኑም።

ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ከፈትኩ። የወንድሜን መልሶች በወረቀት እየሸፈንኩ እያንዳንዷን እንደ አዲስ ሠራኋት። አንዲቷ ሁለት ቀን በልታብኛለች። ስልክ አልላክሁም፤ ጥላሁን «ዛሬም የለሽም?» ሲለኝ «የለኝም» እላለሁ። ድንጋዩንም መለስኩት። ሁለት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ሁለት ሰከንድ እስከ ፎቁ ጫፍ፣ የቀረውን ሃያ አምስት ሜትር ደግሞ አንድ ሰከንድ። አምስት። መልሱ ሲ ነበር። ስጨርስ በግምት የተመለሱት ሁለት አልነበሩም፤ ሦስት ናቸው። ሦስተኛዋ ላይ ስሌቱ ጭልጥ ብሎ ጠፍቶ ፊደሉ ግን በዕድል ልክ ሆኗል። ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ፈተናውን አለፍኩ። ድንጋዩ አልመጣም፤ መኪናውም አልመጣም። ደስታው እንደሚወራው አልነበረም፤ ውጤቱ የተነገረኝ ዕለት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ከትፌ ጨረስኩ። አስማማውም ተመርቆ ሥራ ያዘ። አሁን ከተማ ነው ያለው፣ በየበዓሉ እንደዋወላለን። ያቺን ወረቀት አንድም ቀን አንስተናት አናውቅም።

አባቴ ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኩርኩራው ሥር ያርፉ ነበር። እንግዳ መጥቶ «ምነው አቶ፣ በሥራ ሰዓት?» ሲላቸው «ልጄ በስልክ አዞኛል» ይላሉ። ቃል በቃል ያስታውሱታል። እንዲያውም አንድ በዓል ላይ አስማማው ራሱ መጥቶ ሳለ «ያኔ በዚያ ፀሐይ ያሰብክልኝን አልረሳም» አሉት። ወንድሜ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ሳህኔ አየሁ።

«ምን ማለት ነው አባባ፣ ታዲያ ለማን ላስብ?» አላቸው።

ሁለት ዓመት ሆናቸው አባቴ ካረፉ። ለቅሶው ላይ ሳይቀር ያቺን የፀሐይ መልእክት የሚያወራ ሰው ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ለተማሪዬ የጀመርኳቸውን ሁለት ቃላት አጠፋሁ። «ፎቶው ነጭ ነው፣ ምንም አልታየኝም። ጥላ ውስጥ ሆነሽ እንደገና አንሺና አይተሽ ላኪልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጭረት ሆነ። «እሺ ቲቸር» አለች። ትንሽ ቆይቶ አዲሱ ፎቶ መጣ። ከፍቼ አየሁት። ሰባተኛዋ አልነበረችም፤ ቁጥሩን ተሳስታ ነው፣ የምትጠይቀኝ ዘጠነኛዋን ነበር።